የጠቆረው ፎቶና የነጣው ፎቶ፦ ከድሬዳዋ የአንድ ነሐሴ ቀን የጉዳይ ጥናት

ነሐሴ 7 ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዓለማያ አጠገብ ድንች የሚያለሙት አጎቴ በልጃቸው ስልክ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላኩልኝ። የፎቶውን ሁለት እጅ የሸፈነው ወደ ጥቁርነት ያደላ ግራጫ ደመና ነው። ከሥሩ የባሕር ዛፍ ረድፍና የድንች ማሳው ጥላ መስለው ይታያሉ። ተከትሎ የመጣው የድምፅ መልእክት አጭር ነበር፦ «ሰማዩ ጠቁሯል ልጄ። ዛሬም ርጭቱ አይሆንም።»

እኔ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ለስድስት ዓመት የአየር ሁኔታ ተመልካች ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በየሰዓቱ ቀና ብሎ ሰማዩ ከስምንት እጅ ስንት እጁ እንደተሸፈነ መቁጠር፣ የደመናውን ዓይነትና የግርጌውን ከፍታ መመዝገብ ሥራዬ ነበር። ዘመዶቼ ከደጋ የሰማይ ፎቶ የሚልኩልኝም በዚህ ምክንያት ነው። የዚያን ቀን ግን እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ፤ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ እናቴን ይዤ በደንገጎ በኩል ሐረር ልወጣ ቀጠሮ ይዣለሁ። ስለዚህ አንድ ሰማይ ለሁለት ውሳኔ ቀረበ፤ አጎቴ መድኃኒት ይርጩ ወይስ ይተዉ፣ እኛስ እንውጣ ወይስ እንቅር። በዕለቱ ከመጡት ፎቶዎች የሚያስፈራው ምንም አላመጣም፤ ጉዱን ያመጣው ያማረው ነው። ይህንን የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ጠዋት፦ የጠቆረው

በመጀመሪያ የአጎቴን ችግር ልናገር። ድንቹ አበባ ላይ ነው። የታችኛው ቅጠል ላይ ገበሬው ምች የሚለው፣ በእርጥብ ወራት ቅጠሉን የሚያቃጥለው በሽታ ነጠብጣብ ማሳየት ጀምሯል። የሚረጩት ማንኮዜብ ቅጠሉ ውስጥ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ደርቆ እንደ ልብስ ሸፍኖ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ሲረጭ ቅጠሉ ላይ ጤዛ መኖር የለበትም፤ ካለ መድኃኒቱ ቀጥኖ ይንጠባጠባል። ከተረጨ በኋላ ደግሞ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ዝናብ እንዳይነካው ያስፈልጋል። በነሐሴ ዓለማያ ላይ ጤዛው የሚለቀው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። አጎቴ የሰማዩን ጥቁረት አይተው ያቺን ክፍተት ካሳለፉ ሌላ ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ በሽታው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

ታዲያ ፎቶው ለምን ጠቆረ? ስልኩ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነበር። ከደመናው ግርጌና ከተራራው መሃል ጠባብ የብርሃን መስመር አለ፤ ፀሐይዋ ከዚያ ጀርባ ናት። የስልክ ካሜራ ብሩህ ነገር ሲያገኝ እሱ እንዳይቃጠልበት ብሎ መላውን ምስል ያጨልመዋል። ማሳው እንኳ ጥላ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ይህን ይመሰክራል፤ በቀን ብርሃን አረንጓዴ ቅጠል ጥቁር አይሆንም። መሬቱ የጠቆረበት ፎቶ ላይ የደመናው ጥቁረት ምንም አይነግረንም።

ለልጅቷ ደወልኩላት። «እህቴ፣ ስልኩን ወደ ምዕራብ አዙሪና ሌላ አንሺልኝ። ማሳውን በጣትሽ ነክተሽ አንድ፣ ደመናውን ነክተሽ ደግሞ አንድ።» ማያው ላይ የተነካው ቦታ ነው ብርሃኑን የሚወስነው። ሁለቱ ፎቶዎች ሲመጡ ያው ደመና በአንዱ አመድማ፣ በሌላው ነጭ ነበር። ቀለሙን ትቼ ቅርጹን አየሁ።

ግርጌው እንደታረሰ መሬት ትልም ትልም ሠርቷል፤ በትልሞቹ መካከል ነጣ ያለ ስፌት ይታያል። ይህ ሌሊት ደጋው ላይ የተኛው ጉም ከፍ ብሎ የሠራው ስስ ንጣፍ ነው፤ ስትራቶኩሙለስ ይባላል። ስፌቱ መንጣቱ ውፍረቱ ትንሽ መሆኑን ያሳያል፤ ብርሃን ያልፈዋል። ከሁሉ የበለጠው ምልክት ግን ከደመናው ሥር ነበር። ከማሳው ባሻገር ያለው የተራራ ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ዝናብ ያለበት ደመና ከሥሩ ያለውን ተራራ ያደበዝዛል፤ መጋረጃ ያወርድበታል። ተራራው የሚታይ ከሆነ እዚያ ላይ እየዘነበ አይደለም። እንዲህ ያለው ንጣፍ ካፊያ ሊያወርድ ይችላል፤ ዶፍ ግን ከእሱ አይመጣም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ደግሞ ይበጣጠሳል።

አጎቴን «ጋሼ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይሰነጠቃል፤ መርጫውን አዘጋጁ» አልኳቸው። ደስ አላላቸውም። ሰማዩን ለአርባ ዓመት ያዩት እሳቸው ናቸው። ሆኖም 3 ሰዓት ሲሆን ልጅቷ ሦስተኛ ፎቶ ላከች፤ ንጣፉ ተቀዶ ሰማያዊ ብቅ ብሏል።

በዚያ ቀዳዳ በኩል ግን ያልጠበቅኩት ነገር አየሁ። ከፍ ብሎ፣ እጅ ተዘርግቶ ሲለካ አውራ ጣት የሚያክሉ ትንንሽ ደመናዎች በመስመር ተደርድረዋል። ግርጌያቸው አንድ ወጥ ነው፤ አናታቸው ግን እንደ ጎንደር ግንብ ማማ ማማ አውጥቷል። እነዚህ በራሳቸው ዝናብ አያመጡም፤ ሲነሡ የምናያቸውም ለጥቂት ጊዜ ነው። የሚሉት ነገር ግን ከባድ ነው። መካከለኛው አየር ጠዋት ላይ ያለ ፀሐይ እርዳታ ወደ ላይ የሚያፈላ ከሆነ፣ ከቀትር በኋላ ከታች የሚነሳው ሙቅ አየር እዚያ ሲደርስ የሚያቆመው አያገኝም። እርግጠኛ ምልክት አይደለም፤ ነጎድጓድ ሳያስከትሉ የቀሩበትን ቀን በመዝገቤ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። ቢሆንም ምክሬን አሻሻልኩ፦ «አሁኑኑ ይጀምሩ፤ ከ5 ሰዓት ተኩል እንዳያልፍ።»

አጎቴ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ጀምረው ሩብ ሄክታሩን 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ጨረሱ።

ቀትር፦ የነጣው

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔው ስህተት ነው።

7 ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ሙቀቱ 33 ደርሶ ነበር። በላያችን ያለው ሰማይ ሰማያዊ፣ እዚህም እዚያም የጥጥ ንዳፍ የመሰለ ደመና። ከጣሪያዬ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደንገጎ ተራራ ስመለከት ግን አንድ ረጅም ነጭ ደመና ተራራው ላይ ቆሟል። ያምራል። ፀሐይ በዚያ ወር በቀትር ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ ከድሬ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው ደመናውን ብርሃን በበራበት ፊቱ ነው የሚያየው። ፎቶ አንሥቼ ለእናቴ አሳየኋት። «በወተት የታጠበ ነው የሚመስለው፤ በሰላም እንገባለን» አለች። እኔም ልብሷን እንድታዘጋጅ ነገርኳት። ጠዋት በጥቁረት አትፍረዱ ያልኩት ሰው ቀትር ላይ በንጣት ፈረድኩ።

ወደ ቀልቤ የመለሰኝ የልጅቷ ፎቶ ነው። 7 ሰዓት ከ10 ላይ ያንኑ ደመና ከማዶ፣ ከዓለማያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞራ አነሣችው። በእሷ ፎቶ ላይ ደመናው ጥግ ላይ ያለች የጥጥ ቁራጭ ናት፤ አጎቴም ከበታቹ «ሩቅ ነው» ብለው ጻፉ። ግን ፎቶው ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ ወደ መሃል አጋድሏል። ጠዋት ያው ዛፍ ቀጥ ያለ ነበር። ዛፍ በአምስት ሰዓት ውስጥ አይጋደምም፤ የተቀየረው መነጽሩ ነው። ሰማዩን በሙሉ ላስገባ ብላ ካሜራውን 0.5x ላይ አድርጋዋለች። ያ ሰፊ መነጽር ሁሉን ነገር ያሳንሳል፣ ያርቃል፤ ዳር ላይ የቆመውን ደግሞ ያጋድማል። በ1x አንሺው አልኳት። ደመናው ከፎቶው ቁመት ሲሶውን ያዘ።

ይህች ነገር ጥቅም አላት። የተለመደው የስልክ ካሜራ በ1x ቆሞ ሲያነሣ ከታች እስከ ላይ 65 ዲግሪ ያህል ያያል። የደመናው አናት ከተራራው ጫፍ ጀምሮ ሲሶ ከደረሰ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ እጅ ተዘርግቶ በቡጢ ሲለካ ሁለት ቡጢ ማለት ነው። ከልጅቷ ማሳ እስከ ደንገጎ ያለውን ርቀት ስለማውቅ፣ አናቱ ከመሬት ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንደወጣ በግምት አገኘሁ። ይህ የጥጥ ንዳፍ አይደለም።

ቀጥሎ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ከአንድ ቦታ ሁለት ፎቶ። የጎረቤቴ የውኃ ታንከር ፎቶው ሥር እንዲገባ አድርጌ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ፣ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ አነሣሁ፤ ሁለቱንም በ1x። እያፈራረቅሁ ስመለከታቸው ታንከሩ አልተነቃነቀም፤ የደመናው አናት ግን ሦስት ጣት ያህል ወደ ላይ ሄዷል። ሦስት ጣት እጅ ተዘርግቶ 5 ዲግሪ ያህል ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ይህ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ያውም በሩብ ሰዓት ውስጥ። አንድ ፎቶ ደመናው ምን እንደሚመስል ይነግራል፤ የሚያድግ ይሁን የሚሟሽሽ ግን አይናገርም። እሱን የሚናገረው ሁለተኛው ነው።

ከዚያ ዓይኔን ከአናቱ ጫፍ ላይ አልነቀልኩም። እስከ 7 ሰዓት ተኩል ጫፉ አበባ ጎመን ይመስል ነበር፤ እያንዳንዱ ጉብታ ጥርት ያለ፣ ሰማያዊው ላይ በምላጭ የተቆረጠ። ይህ ጥራት ደመናው ገና ውኃ መሆኑን ያሳያል፤ ጥቃቅን ጠብታዎች ደረቅ አየር ሲነካቸው ወዲያው ይተናሉ፣ ስለዚህ ጠርዙ ስል ይሆናል። 7 ሰዓት ከ50 ላይ ባነሣሁት ግን የግራው ጉብታ ፈዟል። ፎቶውን በጣቴ አስፍቼ አየሁት። ጉብታው የለም፤ በቦታው የተበጠረ ሱፍ የመሰለ፣ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ነገር አለ። ይህ በረዶ ነው፤ የደመናው አናት ወደ በረዶ ብናኝ ተለውጧል። በረዶ ቀስ ብሎ ስለሚተን ጠርዙ ይበተናል፣ ይለሰልሳል። ከዚህ በኋላ ደመናው ነጎድጓድ የሚያመጣው ኩሙሎኒምበስ ነው፤ አናቱ ሄዶ ሄዶ ጣሪያ እንደነካ ጭስ ወደ ጎን ይተኛና እንደ አንጥረኛ መስፍ ጠፍጣፋ ይሆናል። ስል የነበረው ጫፍ ሲለሰልስ ዝናቡ ውስጡ ተሠርቷል፤ መሬት ለመድረስ የቀረው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

እናቴን «እማ፣ ዛሬ አንወጣም» አልኳት። «ኧረ ሰማዩን ተመልከት!» አለችኝ ወደ ላይ እያሳየች። እውነቷን ነው፤ በላያችን ያለው ጠርቶ ነበር።

ድሬ ላይ ሳይዘንብ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብዬ ላብራራው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ዓለማያና ደንገጎ 2,000 ሜትር አካባቢ። ከፀሐይ ሙቀት የሚነሣ ደመና ግርጌው የት እንደሚሆን ተመልካቾች የሚገምቱበት ቀላል ስሌት አለ። ከአየሩ ሙቀት ላይ የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም አየሩ ቀዝቅዞ እርጥበቱ ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበትን ሙቀት፣ ቀንሶ ልዩነቱን በ125 ሜትር ማባዛት ነው። ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በ`HADR` መለያ በሚወጣው ዘገባ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች በእዝባር ተለያይተው ይታያሉ። በዚያን ሰዓት `33/15` ነበር። ልዩነቱ 18 ነው፤ በ125 ሲባዛ 2,250 ሜትር። ደመናው ከራሳችን ላይ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ተሰቅሏል። ከእሱ የሚወርደው ጠብታ ያንን ሁሉ ሙቅና ደረቅ አየር ማቋረጥ አለበት፤ ብዙው መንገድ ላይ ይተናል። ከደመናው ሥር ግራጫ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ መሬት ሳይነካ ሲቀር ፎቶ ላይ የሚታየው ይኸው ነው።

ደጋው ላይ ግን መሬቱ ራሱ ወደ ደመናው ቀርቧል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። ዝናቡ የሚወርድበት ርቀት አጭር ስለሆነ ሳይተን ይደርሳል። ስለዚህ ያው ደመና ድሬ ላይ አቧራና አምስት ስድስት ጠብታ፣ ደንገጎ ላይ ዶፍ ሊሆን ይችላል። የደንገጎ ውኃ ደግሞ መውረጃው ወደ እኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ በሆነው በደቻቱ ወንዝ። የድሬ ሰው ማንበብ ያለበት ሰማይ በላዩ ያለው ሳይሆን ደቡብ በኩል ያለው ነው።

በዚያን ቀን ይህ እንዲያሳስበኝ ያደረገ ሌላ ነገርም ነበር። ወደ ሐረር ዕቃ ሊጭንልን የተነጋገርነው ፒካፕ ደቻቱ አሸዋ ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥላ ፍለጋ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ጉዞው መቅረቱን ልነግረው ደውዬ መኪናውን እንዲያወጣው ለመንኩት። «አቦ፣ ጠብታ የለም እኮ!» አለኝ። 9 ሰዓት አካባቢ ራሱ መልሶ ደወለ። ከደንገጎ የወረደ ጓደኛው በረዶ ስለመታው መንገድ ዳር ቆሞ እንደነበር፣ ፊት ለፊቱ ያለው መኪና እንኳ እንዳልታየው ነግሮት ነበር። መኪናውን 9 ሰዓት ተኩል ላይ አወጣው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደቻቱ ቡና የመሰለ ውኃ አምጥቶ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ከዚራ ላይ መሬቱ ደረቅ ነበር።

ፎቶ የማይደርስበት

ይህ ዘዴ የሚሠራው ሰማዩ በሚታይበት ጊዜ ብቻ መሆኑን መናገር አለብኝ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው በሌሊት ነው። ያን ጊዜ የደንገጎን ደመና ፎቶ ሊያነሣ የሚችል ማንም አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን በጨለማ የስልክ ካሜራ ከመብረቁ ብልጭታ ሌላ አያሳይም። ሌሊት ያለን ነገር ከደጋ የሚመጣ ስልክና የወንዙ ድምፅ ነው። ነሐሴ ላይ አሸዋው ላይ የሚተኛ ሰው ማታ ሰማዩ ጠርቶ ስላየ ብቻ እንዳይተማመን አጥብቄ እለምናለሁ።

በቀንም ቢሆን የማያሳይበት ጊዜ አለ። የጠዋቱ ንጣፍ ሳይበጣጠስ ውሎ ቢሆን ኖሮ ግንብ የመሰለው ደመና በላዩ ሲያድግ አጎቴም እኔም ባላየነው ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ከሥር የሚታየው አንድ ወጥ ግራጫ ብቻ ነው፤ ያለው ምልክት ተራራው ሲደበዝዝ ማየት ነው፣ እሱም የሚታየው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው።

የተላለፈ ፎቶም ያታልላል። ያን ዕለት ማታ በአንድ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ «አሁን ደንገጎ» ተብሎ የተላከ አስፈሪ የደመና ፎቶ አየሁ፤ የማሽላው ዛላ ግን ደርሶ ቀልቷል። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የእኛ ደጋ ማሽላ ገና አረንጓዴ ነው። ፎቶው የጥቅምት ወይም የኅዳር መሆን አለበት። ቴሌግራም ላይ በተራ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሣበትን ሰዓት ይዞ አይመጣም፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን `IMG_` ብሎ የሚጀምረው ስሙ ብዙ ስልኮች ላይ ቀኑንና ሰዓቱን እንደያዘ ይደርሳል። አንባቢው ግን ስልኩ በአበሻ ሰዓት የተሞላ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ አለበት። የአጎቴ ልጅ ስልክ በአበሻ ሰዓት የተሞላ ነው፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ቆይቼ አንድ ጊዜ የጠዋት ፎቶዋን የሌሊት ነው ብዬ ግራ ተጋብቻለሁ።

ዓለማያ ላይ ዝናቡ የደረሰው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ከደንገጎው ደመና ጫፍ የመጣ። መድኃኒቱ ከተረጨ አምስት ሰዓት ከግማሽ አልፎታል። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ሁለት ፎቶ በፋይል ላከችልኝ። አንዱ የድንች ቅጠል በቅርበት ነው፤ ቢጫማ የመድኃኒት ብናኝ በደም ሥሮቹ መሃል ደርቆ ይታያል፣ ነጠብጣቡም ከታችኛው ቅጠል አላለፈም። ሁለተኛው ሰማዩ ነው፤ ወደ ምዕራብ የተነሣ፣ ማሳው አረንጓዴ፣ ባሕር ዛፉ ቀጥ ብሎ የቆመ።